የናፍታ ወጪ በኪሎ ሜትር ናፍታ በተቀዳ ቁጥር ይለዋወጣል፤ ጥፋቱ የመዝገቡ ነው ወይስ የመኪናው? (አይሱዙ ኤንፒአር፣ ድሬ–ሐረር)

ከዚራ ጭነት

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ አይሱዙ ኤንፒአር ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሱቅ ዕቃ ታመላልሳለች፤ አንዳንድ ቀን አወዳይና ሐረማያም ታራግፋለች። ከጥቅምት ጀምሮ ሾፌሩ ናፍታ በቀዳ ቁጥር ቆጣሪው ላይ ያለውን ኪሎ ሜትርና የገባውን ሊትር ጽፎ ይሰጠኛል። እኔ ደግሞ ኤክሴል ላይ አስገባዋለሁ። እስካሁን ያለው ይኸው፦

ጥቅምት 2፣ ቆጣሪ 184,210፣ 62 ሊትር፣ ሙሉ
ጥቅምት 5፣ ቆጣሪ 184,432፣ 20 ሊትር
ጥቅምት 7፣ ቆጣሪ 184,598፣ 30 ሊትር
ጥቅምት 10፣ ቆጣሪ 184,846፣ 57 ሊትር፣ ሙሉ

ለሒሳብ እንዲመች ሊትሩን በ120 ብር ያዙት። የቀዳበትን ብር ከዚያ በፊት ለሄደው ኪሎ ሜትር ሳካፍለው ጥቅምት 5 ላይ 10.81 ብር፣ ጥቅምት 7 ላይ 21.69፣ ጥቅምት 10 ላይ 27.58 ይመጣል። መንገዱ ያው፣ ጭነቱ ያው። በአምስት ቀን ውስጥ ወጪው ከእጥፍ በላይ የጨመረው በምን ምክንያት ነው? ናፍታ እየተቀዳ እየወጣ ይሆን ብዬ መጠርጠር ጀምሬያለሁ። ሌላው ጥያቄዬ፣ የዘይት መቀየሪያውን ቀን አስቀድሞ የሚነግረኝ መዝገብ እንዴት ይሠራል? የመጨረሻው ዘይት የተቀየረው 182,300 ላይ ነው።

መጋላ

አቦ አታጨናንቀው። በየቅጂው ማካፈሉን ተወው። የወሩን የናፍታ ብር ደምረህ ወሩን ሙሉ ለሄደው ኪሎ ሜትር አካፍል፣ በቃ። ብዙ ባለመኪና የሚሠራው እንደዚያ ነው፤ ልዩነቱም በወር ውስጥ ይቻቻላል።

ደንገጎ ሹፌር

ሾፌሩን ከመጠርጠርህ በፊት የራስህን ወረቀት ድጋሚ እየው። ጥቅምት 5 የቀዳው 20 ሊትር ብቻ ነው። 222 ኪሎ ሜትር በ20 ሊትር የሚሄድ ኤንፒአር የለም። ያ መንገድ የተሄደው ጥቅምት 2 በተሞላው ናፍታ ነው። ማደያው ላይ ሰልፍ ሲረዝም ወይም ናፍታ ሲያጥር ሾፌር የተገኘውን ቀድቶ ይሄዳል። ይሄ ስርቆት አይደለም።

ለገሀሬ ጋራዥ

የደንገጎ ሹፌር ትክክል ነው። ወንድሜ ከዚራ፣ አንተ ያካፈልከው የገባውን ናፍታ እንጂ የተቃጠለውን አይደለም። ምን ያህል እንደተቃጠለ የሚታወቀው ጋኑ አንድ ዓይነት ደረጃ ላይ በነበረባቸው ሁለት ጊዜያት መካከል ብቻ ነው፤ በእርግጠኝነት የምታውቀው ደረጃ ደግሞ ሙሉ ነው። ስለዚህ ከሙሉ እስከ ሙሉ ታሰላለህ። በመሃል በከፊል የተቀዳው ይደመራል እንጂ ለብቻው አይካፈልም።

በአንተው ቁጥር፦ ከጥቅምት 2 እስከ ጥቅምት 10 የተሄደው 184,846 ሲቀነስ 184,210፣ ማለትም 636 ኪሎ ሜትር። የተቃጠለው 20፣ 30 እና 57 ተደምሮ 107 ሊትር። የጥቅምት 2ቱ 62 ሊትር አይገባም፤ እሱ ከዚያ በፊት የተቃጠለውን የተካ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ የመጀመሪያውን ሙሉ ቅጂ ይደምርና መኪናዋ በላተኛ ሆና ትታየዋለች። 107 ለ636 ሲካፈል በመቶ ኪሎ ሜትር 16.8 ሊትር ነው፤ በ120 ብር ደግሞ በኪሎ ሜትር 20.19 ብር። እየተጫነች የደንገጎን ዳገት ለምትወጣ ኤንፒአር ይሄ የሚያስደነግጥ ቁጥር አይደለም።

መጋላ ያልከው ለዓመት ይሠራል፤ ለወር ግን አደጋ አለው። ወሩን በሙሉ ጋን ጀምራ 57 ሊትር ጎድሏት ጨረሰች እንበል። 2,400 ኪሎ ሜትር ብትሄድ የተቃጠለው 404 ሊትር አካባቢ ሲሆን የተገዛው 347 ብቻ ነው። መዝገብህ 14.5 ይልሃል፣ እውነቱ 16.8 ነው። የጎደለው በቀጣዩ ወር ላይ ይወድቅና ያኔ ያለጥፋቱ ሾፌሩ ይከሰሳል። የወር መዝጊያህን ሁልጊዜ ሙሉ በተሞላ ቀን ካደረግከው ያንተም መንገድ ልክ ነው።

መጋላ

እሺ፣ የወሩን መጨረሻ በሙሉ መዝጋቱ ገባኝ። ግን ሙሉ የሚባለው ራሱ በምን ይለካል? አንዱ ቀጂ ጠቅ ሲል ያቆማል፣ ሌላው እስከ አፉ ያደርሰዋል።

ለገሀሬ ጋራዥ

ትልቁ ስሕተት የሚገባው እዚያ ጋ ነው። ናፍታ አረፋ አለው፤ መቅጃው ጠቅ ብሎ ሲያቆም ጋኑ ገና አልሞላም። አረፋው እስኪወርድ ትንሽ ጠብቆ መጨረስ ነው፤ ምልክቱም ሁልጊዜ አንድ ይሁን፣ ለምሳሌ ከአንገቱ ሥር። መኪናዋ ወደ ጎን ካዘነበለች ሊትሩ ይዛባል፤ ስለዚህ ያው ማደያ፣ ያው ቦታ፣ ደልዳላ መሬት። ይሄም ሁሉ ተደርጎ ሁለት ሦስት ሊትር መሳት አይቀርም። ከ107 ሊትር ላይ ሁለት ሦስት በመቶ ማለት ነው። ስለዚህ በአንድ ሙሉ ቅጂ አትፍረድ፤ ሦስት ተከታታይ አይተህ ነው።

ሌላው፣ ሙሉው ድሬ ላይ ይሁን። ሐረር ከድሬ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። ድሬ ሞልተህ ሐረር ብትሞላ ዳገቱን ብቻ ለክተህ ትደነግጣለህ፤ ከሐረር ድሬ ብትለካ ደግሞ ቁልቁለቱን ብቻ አይተህ ትደሰታለህ። ደርሶ መልሱ ሲጠናቀቅ ነው ቁጥሩ ቁጥር የሚሆነው።

በጀሪካን የተገዛ ናፍታ ካለ መዝገብ ላይ የሚገባው በተገዛበት ቀን አይደለም፤ ጋን ውስጥ በተገለበጠበት ቀን ነው።

ጁገል አድራሽ

እኔ ሐረር ጁገል ውስጥ በሱዙኪ ሚኒቫን ነው የማደርሰው። በኪሎ ሜትር የማወጣው ብር ከአንተ በጣም ያነሰ ነው። አይሱዙዋን ሸጠህ ሁለት ሚኒቫን ብትገዛ አይሻልም?

ከዚራ ጭነት

ጁገል፣ አመሰግናለሁ፤ ጥያቄዬ ግን የመኪና ምርጫ አይደለም። ሦስት ቶን ስኳርና ዘይት በሚኒቫን ደንገጎን አይወጣም። የያዝኳትን መኪና በትክክል መለካት ነው የፈለግሁት።

ለገሀሬ፣ ገባኝ። ሾፌሩን ዛሬውኑ አነጋግረዋለሁ፤ በተሳሳተ ሒሳብ ነው ፊቴን ያጠቆርኩበት። ይሄን ኤክሴል ላይ እንዴት ላስቀምጠው? በከፊል የተቀዳውንና ሙሉውን ራሱ እንዲለይልኝ እፈልጋለሁ።

ሳቢያን ሒሳብ

ዓምዶቹን እንዲህ አድርግ፦ A ቀን፣ B ቆጣሪ፣ C ሊትር፣ D የተከፈለ ብር፣ E ሙሉ ከሆነ 1፣ በከፊል ከሆነ 0። የመጀመሪያው መስመር (ረድፍ 2) ሙሉ የተሞላበት ቀን መሆን አለበት። ከረድፍ 3 ጀምሮ F፣ G፣ H፣ I እና J ላይ በቅደም ተከተል ይሄን አስገብተህ ወደታች ሳበው፦

```
F3: =IF(E2=1,C3,F2+C3)
G3: =IF(E2=1,B2,G2)
H3: =IF(E3=1,F3/(B3-G3)*100,"")
I3: =IF(E2=1,D3,I2+D3)
J3: =IF(E3=1,I3/(B3-G3),"")
```

F ካለፈው ሙሉ ወዲህ የገባውን ሊትር ያጠራቅማል፣ I ብሩን። G ያለፈው ሙሉ ጊዜ ቆጣሪው ስንት እንደነበረ ይይዛል። H ሊትር በመቶ ኪሎ ሜትር፣ J ብር በኪሎ ሜትር ነው። በከፊል በተቀዳበት ቀን H እና J ባዶ ይሆናሉ፤ መሆንም ያለባቸው እንደዚያ ነው። በአንተ ቁጥር የጥቅምት 10 መስመር ላይ ብቻ 16.82 እና 20.19 ይወጣሉ።

ሁለቱን ለየብቻ ያዛቸው፤ ለየቅል ነገር ነው የሚነግሩህ። ናፍታ ከ120 ወደ 126 ቢገባ J ወደ 21.20 ይዘላል፣ H ግን ንቅንቅ አይልም። H ከተነሳ የመኪናው ወይም የአነዳዱ ጉዳይ ነው፤ J ብቻውን ከተነሳ የዋጋው። ለአዲስ ደንበኛ ዋጋ ስትሰጥም ባለፈው ወር J አትስጥ፤ H ን በዛሬው የማደያ ዋጋ አባዝተህ ለ100 አካፍለው።

ሊትሩን ከማደያው ማሽን ላይ አጻፈው። ብሩ ከቴሌብር መልእክቱ ስለሚገኝ ብሩን በሊትር ዋጋ ስታካፍል ሾፌሩ ከጻፈው ሊትር ጋር መግጠም አለበት።

ከዚራ ጭነት

ሠርቷል፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ቀኑን በእኛ አቆጣጠር 2/2/2018 ብዬ ነበር የማስገባው። ችግር አለው?

ሳቢያን ሒሳብ

አለው፤ ለናፍታው ባይሆንም ለሰርቪስ ቀኑ። ኤክሴል የእኛን አቆጣጠር አያውቅም። 2/2/2018 ስትለው የፈረንጅ የካቲት ነው የሚመስለው። ጥቅምት 29 እና 30 ስትደርስ 29/2/2018 እና 30/2/2018 የሚባል ቀን ስለሌለው ጽሑፍ አድርጎ ይይዘዋል፤ ከዚያ በኋላ ቀን መቀነስ አይችልም። የምታውቅበት መንገድ፣ ትክክለኛው ቀን በሳጥኑ ቀኝ ጫፍ ይቀመጣል፣ ጽሑፍ የሆነው ግራ ጫፍ። እምቢ ባይልህ እንኳ መስከረምን 31 ቀን፣ ጥቅምትን 28 ቀን አድርጎ ነው የሚቆጥርልህ።

ስለዚህ A ላይ የፈረንጁን አስገባ፣ ጥቅምት 2 ማለት 12 ኦክቶበር 2025 ነው። የእኛን ቀን ከJ በኋላ በሌላ ዓምድ በጽሑፍ ጻፈው፤ ሾፌሩ የሚያነበው እሱን ነው።

አሁን የዘይቱ ቀን። ባዶ ቦታ ላይ K2 ዘይት የተቀየረበት ቀን፣ L2 ቀጣዩ የሚቀየርበት ኪሎ ሜትር (182,300 ላይ 5,000 ደምረህ 187,300)፣ M2 በቀን የሚሄደው አማካይ ኪሎ ሜትር ይሁን። የእኛን ቀን እዚህ ዓምዶች ላይ አታስገባ፣ ወደ N ውሰደው።

```
M2: =(B5-B2)/(A5-A2)
O2: =MIN(A5+(L2-B5)/M2, K2+180)
```

አማካዩ 636 ለ8 ቀን፣ 79.5 ነው። የቀረው 2,454 ኪሎ ሜትር ሲካፈል 31 ቀን ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል፤ ከጥቅምት 10 ሲቆጠር ኅዳር 10 ግድም። 500 ኪሎ ሜትር ሲቀር እንዲያስጠነቅቅህ ከፈለግህ ኅዳር 4 ላይ ጋራዡን ቀጠሮ ትይዛለህ። የ180 ቀኑ ገደብ የገባው መኪናዋ ብትቆምም ዘይቱ ስለሚያረጅ ነው፤ ከሁለቱ ቀድሞ የሚመጣው ይያዛል።

A5 ባለበት ቦታ TODAY() የሚያስገቡ አሉ፣ እንዳታደርገው። ለአንድ ሳምንት መዝገቡን ሳትሞላ ብትቀር የሰርቪስ ቀኑ በየማለዳው አንድ ቀን እየሸሸ ይሄዳል፣ መኪናዋ ግን እየሄደች ነው። ቀኑ መቆጠር ያለበት ቆጣሪው ከተነበበበት ቀን ነው፤ አዲስ መስመር ስትጨምር A5 እና B5 ያሉትን ወደ መጨረሻው መስመር ቀይራቸው። አማካዩም በሥራ ቀን ሳይሆን ቆመው የዋሉትንም ቀናት ጨምሮ ይሁን።

ደንገጎ ሹፌር

ዘይቱ በኪሎ ሜትር ይሁን፣ ፍሬኑን ግን በኪሎ ሜትር አትያዙት። ሜዳ ላይ 5,000 ኪሎ ሜትር የሄደና ተጭኖ ከደንገጎ 50 ጊዜ የወረደ የፍሬን ሸራ አንድ አይደለም። ተጭነን የወረድንበትን ቁጥር በመዝገቡ ላይ አንድ ዓምድ ስጡት፤ ሸራው በዚያ ይታይ። ባዶ መውረድ ብዙም አይቆጠርም።

ለገሀሬ ጋራዥ

ጥሩ ሐሳብ ነው፣ እኔም ይሄን እደግፋለሁ። ስንት ጊዜ ከተወረደ በኋላ እንደሚታይ ግን ከውጭ ሆኖ መናገር አይቻልም። ጭነቱና ሾፌሩ በማርሽ ይዞ መውረዱ ወይም በፍሬን ብቻ መውረዱ ይወስነዋል። 20 ጊዜ ስትወርዱ አንዴ ከፍታችሁ የሸራውን ውፍረት ለኩ፣ በ40 ድገሙት፤ ከዚያ የራሳችሁ ቁጥር ይኖራችኋል።

ፍሬንን ካነሳን አይቀር፣ H በሦስት ተከታታይ ሙሉ ከፍ እያለ ከሄደ መጀመሪያ የሚታየው የተያዘ ፍሬን ነው። ሜዳ ላይ ከሄደች በኋላ አቁሟትና እጃችሁን ወደ ቸርኬው መሃል አስጠጉ፤ አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ ከጋለ እሱ ተይዟል። ከቁልቁለት በኋላ አትሞክሩት፣ ያኔ ሁሉም ይግላል። ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ ከበዛ የአየር ፊልትሮውን አውጥታችሁ እዩ፣ በድሬ አቧራ ቶሎ ይደፈናል። ፊልትሮው ንጹሕ ሆኖ ጭሱ ካልቀረ ኖዝሎቹ ይፈተሹ። የጎማ ነፋስ ጠዋት ሳትነሳ ይለካ፤ እኩለ ቀን ላይ ድሬ ውስጥ የሚለካ ነፋስ ሁልጊዜ ጎማው የበቃው ያስመስላል። ይሄ ሁሉ ደህና ሆኖ H ካልወረደ ነው ስለ ናፍታ ስርቆት የሚወራው።

መጋላ

የወሩስ ወጪ? እኔ ናፍታውን፣ ደሞዙንና ጋራዡን ደምሬ ነው የማየው። አንዳንድ ወር በጣም አትራፊ ነኝ፣ ጎማ የገዛሁበት ወር ግን ኪሳራ።

ሳቢያን ሒሳብ

ጎማው የዚያ ወር ወጪ ስላልሆነ ነው። እንዳለቀ ገዛኸው እንጂ ያለቀው በየኪሎ ሜትሩ ነው። ኤንፒአር ስድስት ጎማ ላይ ትቆማለች። አንዱ 14,000 ብር ቢሆንና 40,000 ኪሎ ሜትር ቢያገለግል፣ 84,000 ለ40,000 ሲካፈል በኪሎ ሜትር 2.10 ብር ነው። ዘይትና ፊልትሮ በአንድ ሰርቪስ 9,000 ቢፈጅ ለ5,000 ሲካፈል 1.80። እነዚህ ቁጥሮች ለምሳሌ ናቸው፣ በየራሳችሁ ደረሰኝ ተኩት።

የከዚራን መኪና በወር 2,400 ኪሎ ሜትር ያዝና፣ ስትሄድ ብቻ የሚወጣው 20.19፣ 2.10 እና 1.80 ተደምሮ በኪሎ ሜትር 24.09 ብር ነው። ብትቆምም የሚወጣው የሾፌርና የረዳት ደሞዝ 18,000፣ የመድንና የቦሎ የዓመቱ 36,000 ለ12 ተካፍሎ 3,000፣ ማደሪያና ጥበቃ 1,500፤ ድምሩ 22,500። ይሄ ለ2,400 ሲካፈል 9.38፤ አጠቃላይ በኪሎ ሜትር 33.47 ብር። ሥራ ቀዝቅዞ 1,500 ብቻ ብትሄድ ደግሞ ቋሚው ብቻ 15 ብር ይሆንና ጠቅላላው 39.09 ይገባል። ናፍታው ሳይጨምር በኪሎ ሜትር ከአምስት ብር በላይ ተጨመረ ማለት ነው። አንድ ወር ያለጥፋት ኪሳራ የሚመስለው በዚህ ነው።

ጳጉሜን ለብቻው ወር አታድርገው፤ ከነሐሴ ጋር ደምረው። አለዚያ የአምስት ቀን ኪሎ ሜትር የሙሉ ወር ደሞዝ ይሸከምና ቁጥሩ ያስፈራሃል።

ለገሀሬ ጋራዥ

ያልተጠበቀ ጥገና የት ሄደ? ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ራዲያተር። በኪሎ ሜትር ቢያንስ ሁለት ሦስት ብር ካልተቀመጠ ያ 33.47 ውሸት ነው።

ሳቢያን ሒሳብ

መቀመጥ አለበት፣ በዚያ አንለያይም። በግምት መጻፉን ነው የማልፈልገው። ያለፈውን አንድ ዓመት የጋራዥ ደረሰኝ ደምሮ ለዓመቱ ኪሎ ሜትር ማካፈል ይሻላል፤ ደረሰኝ የሌለው ግምቱን ለብቻው ያስቀምጥና ዓመት ሲሞላው በደረሰኙ ይተካው።

ለገሀሬ ጋራዥ

መኪና ሲያረጅ ያለፈው ዓመት የዘንድሮውን አይነግርም። ግምቴን አልተውም።

ከዚራ ጭነት

ሁለት ሙሉ ጨምሬያለሁ። ጥቅምት 17 ቆጣሪ 185,436፣ በመሃል የገባው 106 ሊትር፦ 18.0። ጥቅምት 24 ቆጣሪ 186,048፣ 104 ሊትር፦ 17.0። ሦስቱም ድሬ፣ ያው ማደያ። የዘይቱ ቀን በአዲሱ አማካይ ኅዳር 8 ሆኗል፤ የቀደመው ግምት በሁለት ቀን ብቻ ነው የሳተው። የቀረኝ የመሃሉ 18.0 ነው። በዚያ ሳምንት አወዳይ ሦስት ቀን ለማራገፍ ረጅም ሰዓት ጠብቀዋል፤ ሾፌሩ ሞተሩ አልጠፋም ነበር ይላል።

ደንገጎ ሹፌር

ሞተር ቆሞ ሲሠራም ይጠጣል፣ ቆጣሪው ግን አይንቀሳቀስም። በሰዓት አንድ ሊትር አካባቢ ብትይዝ ሰባት ሰዓት ሰባት ሊትር ነው። 590 ኪሎ ሜትር በ16.8 ቢሄድ 99 ሊትር ይበቃው ነበር፤ የተረፈው ሰባቱ እሱ ነው።

ለገሀሬ ጋራዥ

ሊሆን ይችላል፤ ግን ሁለት ሦስት ሊትሩ የሙሉ አሞላል ስሕተትም ሊሆን እንደሚችል አትርሱ። ሾፌሩ የቆመበትን ሰዓት በአንድ ዓምድ ይጻፍ፣ ሁለት ሙሉ ደግሞ ጨምርና ተመለስ።

ጁገል አድራሽ

ይሄ የሰዓቱ ነገር ለእኔም ይሆናል ማለት ነው። ጁገል ውስጥ በቀን 30 ኪሎ ሜትር አልሄድም፣ ሞተሩ ግን ቀኑን ሙሉ ይነሳል ይጠፋል። ዘይቱን በ5,000 ብጠብቅ አምስት ወር ተኩል ይፈጅብኛል። በሰዓት መቁጠር አለብኝ ወይስ የ180 ቀኑ ይበቃኛል?

ለገሀሬ ጋራዥ

ሞተሩ ሳይሞቅ እየጠፋ ከሆነ 180 ቀኑ ይረዝምብሃል፤ እኔ ብሆን ከሦስት እስከ አራት ወር አላሳልፈውም። በሰዓት ለመቁጠር ግን ሰዓት ቆጣሪ ያስፈልግሃል፤ በግምት የሚጻፍ ሰዓት አይጠቅምህም። O2 ላይ 180 ያለውን 100 አድርገህ ጀምርና ሲቀየር የወጣውን ዘይት መልክ እየው።